የአንድ የፊልም ጽሑፍ ግምገማ ሪፖርት፦ ከርክክብ እስከ ውሳኔ ሐሳብ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ርክክብ

ከፕሮዲውሰራችን የተረከብኩት ጽሑፍ 96 ገጽ ያለው የሙሉ ርዝመት ድራማ ነው። ጽሑፉ ገና ለሕዝብ ስላልወጣ የራሱን ርዕስም ሆነ የጸሐፊውንና የገጸ ባሕርያቱን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ገጸ ባሕርያቱን በሥራቸው ወይም በዝምድናቸው እጠራቸዋለሁ። የሚጠበቅብኝ ከአራት ገጽ ያልበለጠ ሪፖርት ነው፦ አንድ የሽፋን ገጽ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአጭሩ የሚተርክ አንድ ገጽ ተኩል ሲኖፕሲስ፣ አንድ ገጽ ተኩል ያህል በጥንካሬና በድክመት ላይ የሚሰጥ አስተያየት፣ በመጨረሻም የውሳኔ ሐሳብ። ፕሮዲውሰሯ ጽሑፉን ራሳቸው ለማንበብ የሚወስኑት ሪፖርቱን ካዩ በኋላ ስለሆነ፣ በሪፖርቱ ያልተገለጸ ነገር ለእሳቸው በጽሑፉ ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል።

ታሪኩ የሚካሄደው በአዲስ አበባ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ዋናውን ቤት ይዛ የቀሩትን ክፍሎች የምታከራይ አንዲት መበለት የምታደርገውን ይከተላል።

የመጀመሪያ ንባብ

በመጀመሪያው ንባብ እርሳስ አልያዝኩም። ጽሑፉን አሳትሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላቋርጥ አነበብኩ፤ ያቆምኩት ትኩረቴ የላላበትን ገጽ ጠርዙን ለማጠፍ ብቻ ነው። ማስታወሻ እየያዘ የሚያነብ ሰው ታሪኩን እንደ ተመልካች አይቀበለውም፤ ስሕተት ፈላጊ ይሆናል፤ ስሕተት ፈላጊ ደግሞ የትኛው ትዕይንት ልቡን እንደነካው በኋላ ሊናገር አይችልም። የታጠፉት ገጾች በሙሉ ከገጽ 40 በኋላና ከገጽ 70 በፊት ያሉ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱን በዚህ ደረጃ አልፈለግኩም፤ ወዲያው የሚመጣ ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ የአንባቢው የግል ምርጫ ስለሚሆን መጀመሪያ በጽሑፉ ውስጥ ማስረጃ ሊገኝለት ይገባል።

ንባቡ እንዳበቃ፣ ሌላ ነገር ሳልነካ፣ የማስታውሳቸውን ትዕይንቶች ከጽሑፉ ሳልመለከት ጻፍኩ። ሁለቱ በዝርዝር ታወሱኝ፤ እነርሱም በኋላ በጥንካሬ ክፍል ገብተዋል።

ሁለተኛ ንባብና የጊዜ ልኬት

በሁለተኛው ንባብ እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ መስመር በኤክሴል መዘገብኩ፦ የትዕይንቱ ቁጥር፣ ቦታው፣ ውስጥ ወይም ውጭ፣ ቀን ወይም ማታ፣ የሚናገሩት ሰዎች፣ በትዕይንቱ መጨረሻ የተለወጠው ነገር። የመጨረሻው ዓምድ ዋናው ነው፤ ባዶ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ትዕይንቱ ታሪኩን አላራመደም ማለት ነው።

የጽሑፉ ርዝመት ግን አሳሳች ነው። አንድ ገጽ በስክሪን ላይ አንድ ደቂቃ ይሆናል የሚለው የተለመደ ልኬት የተሠራው በ12 ነጥብ ኩሪየር ፊደል ለሚጻፍ፣ ምልልሱ በገጹ መካከል በጠባብ ዓምድ ለሚቀመጥ የአሜሪካ አጻጻፍ ነው። ይህ ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል በማይክሮሶፍት ወርድ የተጻፈ ሲሆን፣ ምልልሱም እንደ መድረክ ተውኔት ከተናጋሪው ስም ቀጥሎ የገጹን ሙሉ ስፋት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ 96 ገጽ ሲባል አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ደቂቃ ብሎ በሽፋኑ ላይ መጻፍ ፕሮዲውሰሯን ማሳሳት ይሆናል።

ለማረጋገጥ ከመግቢያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው አራት አራት ገጽ መርጬ፣ ምልልሱን በተፈጥሯዊ ፍጥነት ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ ድርጊቱንም በዓይነ ሕሊናዬ እየተከተልኩ በስልኬ የሰዓት መቁጠሪያ ለካሁ። አሥራ ሁለቱ ገጾች 17 ደቂቃ ወሰዱ። ይህ ለጠቅላላው ሲሰላ 136 ደቂቃ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ ፊልም ይሆናል። ልኬቱ ግምት ነው፤ ዳይሬክተሩ ዝምታ የሚያበዛ ከሆነ ከዚህም ይረዝማል። በሽፋኑ ላይ «96 ገጽ፤ በንባብ ልኬት 2፡15 ገደማ» ብዬ ጻፍኩ።

የሽፋን ገጽና ሎግላይን

የሽፋን ገጹ መረጃ ቶሎ ይሞላል፦ ዓይነት፣ መቼት፣ የገጽ ብዛት፣ የረቂቁ ቁጥር፣ አቅራቢው፣ ተቀባዩ፣ የተነበበበት ቀን። ጊዜ የወሰደው ታሪኩን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚገልጸው ሎግላይን ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ የሚል ነበር፦ «በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ሕይወት እንዴት እንደተለወጠ የሚያሳይ ድራማ።» ይህ ርእሰ ጉዳዩን እንጂ ታሪኩን አይነግርም። ማን ምን እንደሚፈልግና ማን እንደሚከለክለው አይታወቅበትም፤ በዚያው ዘመን ለሚካሄድ ማንኛውም ፊልም ሊለጠፍ ይችላል።

ሁለተኛውን የጻፍኩት ታሪኩን ከሌሎች የሚለየውን መገልበጥ መሠረት አድርጌ ነው፦ «ኪራይ ክፍሎቿ እንዳይወረሱባት የቆየ ተከራይዋን የወንድሟ ልጅ አድርጋ የምታቀርብ መበለት፣ ያው ተከራይ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሆኖ ሲመረጥ፣ ውሸቷን የማጋለጥም የመሸፈንም ሥልጣን በእጁ ይወድቃል።» ይህ ሎግላይን ከተጻፈ በኋላ ጽሑፉን በእርሱ መመዘን ተቻለ፤ ተስፋ የሚሰጠው በሁለቱ መካከል የሚካሄድ ትግልን ነው፤ ጽሑፉ ያንን ትግል ያሳየናል ወይ የሚለው የቀረው ሥራዬ ሆነ።

ሲኖፕሲስ

ሲኖፕሲስ በአሁን ጊዜ ግሥ፣ ያለ አድናቆትና ያለ ወቀሳ፣ መጨረሻውን ሳይደብቅ ይጻፋል። የእንግሊዝኛ ሪፖርት አንድን ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ ሲጠቅስ ስሙን በትልልቅ ፊደላት ይጽፋል፤ በግዕዝ ፊደል እንዲህ ዓይነት ልዩነት ስለሌለ ስሙን በደማቁ ጽፌ ዕድሜውን አጠገቡ አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያው ረቂቄ ሦስት ገጽ ሆነ፤ እያንዳንዱን ንዑስ ታሪክ አስገብቼ ስለነበር ነው። ጠላ የምትሸጠውን ተከራይና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውን ታሪክ አውጥቼ፣ የመበለቲቱንና የልብስ ሰፊውን ብቻ ስተው ወደ ተፈለገው ርዝመት ወረደ። እዚህ አሳጥሬ የማስቀምጠው ይህ ነው፦

«መበለቲቱ (55) በሬዲዮ የአዋጁን መውጣት ትሰማለች። ባለቤቷ ከሞተ በኋላ በኪራይ ገቢ ልጇን ያሳደገች ስለሆነች ክፍሎቿን ላለማጣት ትወስናለች። ለዓመታት ተከራይዋ የሆነውን ልብስ ሰፊ (30) የወንድሟ ልጅ ነኝ እንዲል ትለምነዋለች፤ በምላሹ ኪራዩን እንደምትተውለት ቃል ትገባለች። የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ታስጠናዋለች። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ለምዝገባ ይመጣል፤ ውሸቱን እንደ እውነት ይቀበላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ውሸቱን ሲያውቅ ከእናቱ ጋር ይጣላል። ሊቀ መንበሩ ይሻራል፤ ልብስ ሰፊው በምትኩ ይመረጣል። ለመበለቲቱ ስለ ቤቷ አዲስ ምርመራ እንደሚካሄድ ይነገራታል። ልጇ ልብስ ሰፊውን ያስፈራራዋል። ለስብሰባ ትጠራለች። ወረቀቶቿ ይወሰዱባታል። በመጨረሻ መበለቲቱ በስብሰባው ላይ ተነሥታ እውነቱን ትናገራለች፤ የኪራይ ደረሰኝ ደብተሯንም ለልብስ ሰፊው ታስረክበዋለች። በወሩ መጀመሪያ ልብስ ሰፊው በልማድ የኪራይ ገንዘቡን ይዞ በሯን ያንኳኳል።»

የታጠፉት ገጾች ምክንያት እዚህ ላይ ታየኝ። ከሲኖፕሲሱ ላይ የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ባለቤትና ግሥ ለይቼ አሰመርኩበት። እስከ ገጽ 37 ድረስ መበለቲቱ ትሰማለች፣ ትወስናለች፣ ትለምናለች፣ ታስጠናለች። ከገጽ 38 እስከ 67 ድረስ ግን ልጇ ይጣላል፣ ልብስ ሰፊው ይመረጣል፣ እርሷ ይነገራታል፣ ትጠራለች፣ ይወሰዱባታል። ከገጽ 68 በኋላ እንደገና ትነሣለች፣ ትናገራለች፣ ታስረክባለች። እነዚያ 30 ገጾች በለካሁት ፍጥነት ከ40 ደቂቃ በላይ ይሆናሉ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከ40 ደቂቃ በላይ አንድም ነገር በራሷ ፈቃድ አታደርግም ማለት ነው። ሲኖፕሲሱን እኔው ስለጻፍኩት አጻጻፌ ያሳሳተኝ እንዳይሆን ወደ ትዕይንት ሠንጠረዡ ተመለስኩ፤ በእነዚያ ገጾች ውስጥ መበለቲቱ ባለችባቸው ትዕይንቶች ሁሉ ትዕይንቱን የሚጀምረው ወይም የሚዘጋው ሌላ ሰው ነው።

አንዳንድ አንባቢ እንዲህ ያለውን ክፍተት በሲኖፕሲስ ውስጥ ያርመዋል፤ «መበለቲቱ ልጇን ለማሳመን ትሞክራለች» ብሎ በጽሑፉ የሌለ ድርጊት ይጨምራል። ታሪኩ በወረቀት ላይ ይስተካከላል፤ ፕሮዲውሰሯ ግን የሌለ ጽሑፍ ተነግሯቸው ይገዛሉ። ስለዚህ ተደራጊ ግሦቹን እንዳሉ ተውኳቸው።

ጥንካሬዎች

በሪፖርቱ ላይ «ገጸ ባሕርያቱ ጠንካራ ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር አይጠቅምም፤ የትኛው ገጽ ላይ፣ በምን እንደተገለጠ መነገር አለበት። ሦስት ነገር ብቻ መረጥኩ።

የመጀመሪያው የታሪኩ መነሻ ነው። አከራይና ተከራይ በአንድ አዋጅ ቦታ ሲለዋወጡ ግጭቱ ከውጭ መጥቶ በግቢ ውስጥ፣ በአንድ የውኃ ቧንቧና በአንድ የግቢ በር ዙሪያ ይካሄዳል። የቀበሌ ቤት የሚለው አጠራር ዛሬም በአዲስ አበባ የብዙ ቤተሰብ አድራሻ ስለሆነ ተመልካቹ ነገሩን ከታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ቤት ያውቀዋል።

ሁለተኛው በገጽ 23 ያለው የዘር ሐረግ ትዕይንት ነው። መበለቲቱ የአያቷንና የወንድሟን ስም እየጠራች ልብስ ሰፊውን ታስጠናዋለች፤ እርሱ ደግሞ ሱሪ እየሰፋ ይደግምላታል። በመካከሉ፣ የሚጠይቁት ሰዎች እንዳያጋልጡት ብሎ፣ «አባቴ በምን ሞቱ?» ሲል ይጠይቃታል። ስለ ወንድሟ አሟሟት ለልጇ እንኳን ያልነገረችውን ለዚህ የውሸት ዘመድ ትነግረዋለች። የስፌት መኪናው ድምፅ ይቆማል። በዚህ ትዕይንት አዋጁ በአንድም ቃል አይነሣም፤ ሆኖም አዋጁ በእነዚህ ሁለት ሰዎች ላይ የሚያደርገው ሁሉ አለበት። የጸሐፊው ችሎታ ይህ ትዕይንት ነው፤ በሪፖርቱ ላይም ከሌሎቹ የበለጠ ቦታ ሰጠሁት።

ሦስተኛው በገጽ 91 ያለው የመጨረሻው ኪራይ ነው። አዋጁ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩ ቤቶችን በቀበሌ ሥር ስላደረገ ልብስ ሰፊው ከእንግዲህ የሚከፍለው ለራሱ መሥሪያ ቤት ነው። እርሱ ግን በወሩ መጀመሪያ ገንዘቡን ቆጥሮ እርሷ በር ላይ ይቆማል። ጸሐፊው በብሩ ላይ የንጉሡ ምስል እንዳለ በድርጊት መግለጫው ላይ ጽፏል፤ ትክክልም ነው፤ አዲሱ የብር ኖት ንጉሣዊውን የተካው በ1969 ዓ.ም. ስለሆነ በ1967 በሰው እጅ የነበረው ያው የቀድሞው ነው። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ በመጨረሻው ትዕይንት መኖሩ፣ በሌላው ቦታ ያሉትን የዘመን ግድፈቶች ጸሐፊው ሊያርማቸው እንደሚችል ያመለክታል።

ድክመቶች

ዋናው ድክመት ከላይ ያስቀመጥኩት የመካከሉ ተደራጊነት ነው። በሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ «ከገጽ 38 እስከ 67 መበለቲቱ ለሚደርስባት ነገር ምላሽ አትሰጥም። ውሸቱን የጀመረችው እርሷ ሆና ሳለ ውሸቱን የሚጠብቀው ልጇ ነው፤ በዚህም ምክንያት በገጽ 71 በስብሰባ ላይ እውነቱን ለመናገር የምትወስነው ውሳኔ ከየት እንደመጣ አናይም።»

ከዚህ በኋላ የዘመን ግድፈቶችን ለየብቻ መዘርዘር ጀምሬ ነበር፤ ሁለቱ ግን ከመካከሉ ችግር ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ስረዳ ዝርዝሩን ትቼ በአንድ ክር ጻፍኳቸው።

የመጀመሪያው የቀበሌው ጉዳይ ነው። በጽሑፉ ላይ አዋጁ በወጣ በማግስቱ የቀበሌ ሊቀ መንበር ለምዝገባ ይመጣል። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን፣ ያቋቋመው ግን ያው አዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ በማግስቱ የተመረጠ ሊቀ መንበር ሊኖር አይችልም። ይህ በአንድ ቃል እርማት የሚታለፍ ስሕተት አይደለም፤ ምክንያቱም ጸሐፊው አንድ ሊቀ መንበር አምጥቶ፣ በኋላ ሽሮ፣ ልብስ ሰፊውን በእርሱ ቦታ ለማስመረጥ 20 ያህል ገጽ አጥፍቷል። ታሪካዊው ሂደት ቢጠበቅ ኖሮ ማን እንደሚመረጥ ሰፈሩ የማያውቅበት ጊዜ ይኖር ነበር፤ ውሸቷን ለመጠበቅ የምትፈልግ ሴት ደግሞ በምርጫው ላይ ጥቅም አላት። ግድፈቱ በደረሰበት ቦታ ላይ ነው ታሪኩ የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ድርጊት ያጣው።

ሁለተኛው የልጁ ነው። የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የተጀመረው በታኅሣሥ 1967 ሲሆን፣ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ዘምተው ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሐምሌ 1967 በእናቱ ሳሎን ተቀምጦ ስለ አዋጁ የሚከራከርበት ምክንያት በጽሑፉ ላይ የለም። ከዘማቾቹ ጥለው የተመለሱ ብዙዎች ስለነበሩ ሁኔታው ሊሆን የማይችል አይደለም፤ ነገር ግን ዘመቻ ጥሎ የመጣ ልጅ በቤቱ ተደብቆ ነው ያለው። እንዲህ ከሆነ እናቲቱ የምትደብቀው ቤቷን ብቻ ሳይሆን ልጇንም ይሆናል፤ ቤት የሚቆጥር ሰው ወደ ግቢው ሲገባም የሚያስፈራት ሌላ ነገር ይኖራል። ልጁ በአሁኑ ረቂቅ የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ የሚመስል ንግግር ሦስት ጊዜ ያደርጋል (ገጽ 41፣ 49 እና 58)፤ ምልልሱ የሚዳከመውም እርሱ ባለበት ብቻ ነው። የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው የሚናገረው ሐሳብ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሦስተኛውን ያስገባሁት ከምርት ጋር ስለሚያያዝ ነው። በገጽ 12 ተከራዮቹ በግቢው ውስጥ በርበሬ በፀሐይ ያሰጣሉ። በአዲስ አበባ በሐምሌ ማንም በርበሬ አያሰጣም። ትዕይንቱ በራሱ ትንሽ ቢሆንም፣ ጸሐፊው ታሪኩን ሲያስብ ክረምቱን እንዳላሰበ ያሳያል፤ በ96 ገጽ ውስጥ ዝናብ የተጠቀሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚሁ ጋር፣ ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል መሆኑ በጽሑፉ ላይ አልተነሣም፤ በ1967 ደግሞ ቅዳሜ ነበር። ይህን የጻፍኩት እንደ ስሕተት ሳይሆን፣ በኅዳጉ ላይ እንደ መረጃ ነው።

እዚህ ላይ ራሴን የገደብኩበት ነገር አለ። የአንባቢ ሪፖርት አዲስ ረቂቅ አይደለም። ልጁ ይደበቅ፣ መበለቲቱ ምርጫውን ታስተባብር ብዬ ትዕይንት በትዕይንት መጻፍ ቢቀልልም፣ ያንን ያደረገ አንባቢ ስለቀረበለት ጽሑፍ መመዘን ትቶ ስለራሱ ፊልም ይከራከራል። ችግሩ ከየት እንደተነሣና በጽሑፉ ውስጥ ያለው ማስረጃ ወዴት እንደሚጠቁም እስከማሳየት ድረስ ሄጄ መፍትሔውን ለጸሐፊው ተውኩት።

ስለ ምርት ወጪ የተጻፈ አንቀጽ

የበጀት ስሌት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ከትዕይንት ሠንጠረዡ የሚነበቡትን ማሳወቅ ይጠበቅብኛል። አብዛኛው ታሪክ በአንድ ግቢ ውስጥ መካሄዱ ትልቅ ጥቅም ነው። ወጪ የሚያስነሡት ሦስት ናቸው፦ በገጽ 71 ያለው ብዙ ሰው የሚፈልግ ስብሰባ፣ የዘመኑን መኪና የሚጠይቁ የጎዳና ትዕይንቶች፣ እና ክረምቱ።

ክረምቱ ላይ ብዙ ጻፍኩ። ፊልሙ በእውነተኛው ሐምሌ ቢቀረጽ ሰማዩና ጭቃው በነጻ ይገኛሉ፤ ሆኖም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ በቤት ውስጥ የሚቀዳውን ምልልስ ያበላሸዋል፤ ይህ ፊልም ደግሞ የቆመው በዝግ ድምፅ በሚነገሩ የቤት ውስጥ ምልልሶች ላይ ነው። በበጋ ቢቀረጽ ድምፁ ይጠራል፤ ዝናቡ ግን በቦቴ ውኃና በቱቦ መሠራት ይኖርበታል፤ ለውጭ ትዕይንቶችም ደረቁን ግቢ ማርጠብ ያስፈልጋል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስኑት ዳይሬክተሩና የድምፅ ባለሙያው ናቸው። ሎኬሽኑንም በተመለከተ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በሌሎች ነባር ሰፈሮች በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ አጥር ያላቸው ግቢዎች ስለፈረሱ፣ በዙሪያው የመስታወት ሕንፃ የማይታይበት ግቢ መኖሩ ጽሑፉ ከመገዛቱ በፊት ቢፈተሽ ይሻላል ብዬ አስገባሁ።

ሠንጠረዥና የውሳኔ ሐሳብ

የድርጅቱ ቅጽ አራት ደረጃ አለው፦ እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ። መነሻ ሐሳቡን እጅግ ጥሩ፣ ገጸ ባሕርያቱን ጥሩ፣ ምልልሱን ጥሩ፣ መዋቅሩን ደካማ፣ መቼቱን መካከለኛ አልኩ። ምልልሱን መካከለኛ ለማለት አስቤ ነበር፤ የልጁ ንግግሮች ይጎትቱታል። በመጨረሻ ጥሩ ያልኩት ድክመቱ በአንድ ገጸ ባሕርይ ስለተወሰነ ነው፤ ሠንጠረዡ ያንን ማሳየት ስለማይችልም አጠገቡ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ። መዋቅሩን ደካማ ማለት ከባድ ቢመስልም፣ ሲሦው የማይንቀሳቀስ ታሪክ ለሌላ ደረጃ አይበቃም።

ውሳኔው ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ አንዱ ለጽሑፉ፣ ሌላው ለጸሐፊው። ምርጫዎቹ ይመከራል፣ ይታሰብበት፣ አይመከርም የሚሉ ናቸው። «ይመከራል» የሚለውን የምጠቀመው ድርጅቱ ይህንኑ ረቂቅ ይዞ ገንዘብ ማፈላለግ መጀመር ይችላል ብዬ ሳምን ብቻ ነው። ይህ ረቂቅ እዚያ አልደረሰም። «አይመከርም» ማለት ደግሞ የገጽ 23ን ትዕይንት የጻፈውን ሰው ማጣት ይሆናል። የጻፍኩት እንዲህ ነው፦

«ጽሑፉ፦ ይታሰብበት፤ ከገጽ 38 እስከ 67 ያለው ክፍል እንደገና መጻፉ ቅድመ ሁኔታ ነው። ጸሐፊው፦ ይመከራል። የታሪኩ መነሻ፣ መጨረሻውና ሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት ሳይነኩ ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው ለውጥ መጠነ ሰፊ ቢሆንም በአንድ ቦታ የተከማቸ ነው። ታሪካዊውን ሂደት መከተል ለእርማቱ እንቅፋት ሳይሆን መነሻ ሊሆን ይችላል።»

ከመላኬ በፊት ሪፖርቱን ጸሐፊው አጠገቤ ተቀምጦ እንደሚሰማ አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የውስጥ ሰነድ ቢሆንም ወደ ጸሐፊው እጅ የሚደርስበት ጊዜ አለ። «አሰልቺ» የሚለውን ቃል ከሁለት ቦታ አውጥቼ በገጽ ቁጥር ተካሁት፤ አሰልቺ የሚለው የእኔ ስሜት ነው፤ ገጹና በገጹ ላይ የሌለው ድርጊት ግን ማንም ከፍቶ ሊያየው ይችላል።

ከፕሮዲውሰሯ የመጣ ጥያቄ

ፕሮዲውሰሯ ሪፖርቱን ካነበቡ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ ጸሐፊው መካከሉን እንደገና ቢጽፍ የፊልሙ ርዝመት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ወደ ሠንጠረዡ ተመልሼ በገጽ 38 እና 67 መካከል የመጨረሻው ዓምድ ባዶ የሆነባቸውን ትዕይንቶች ደመርኩ፤ 14 ገጽ ሆኑ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ታሪክ ከወጣ ሌላ ስድስት ገጽ ይቀነሳል። 20 ገጽ ወጥቶ 10 ገጽ አዲስ ቢገባ ፊልሙ በለካሁት ፍጥነት ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ይህንን በአንድ አንቀጽ ጽፌ ላክኩላቸው።

እሳቸውም ጽሑፉን ራሳቸው ለማንበብ ወስደውታል፤ ከጸሐፊው ጋር ለሚደረገው ስብሰባም የትዕይንት ሠንጠረዡን እንዳዘጋጅ ነግረውኛል። ሠንጠረዡን ለጸሐፊው የማቀርበው የእኔን አስተያየት ዓምድ አውጥቼ፣ የትዕይንቱን ቁጥር፣ በትዕይንቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎችና ድርጊቱን የጀመረውን ሰው ብቻ አስቀርቼ ነው፤ መካከሉን በራሱ ዓይን እንዲያየው።